ሶፍትዌር ከመግዛትዎ በፊት ስለ መካከለኛው ፓኬጅ ለሻጩ ኢሜይል እንዴት ይጻፋል?

የሶፍትዌር ዋጋ ብዙ ጊዜ በሦስት ፓኬጅ ተከፍሎ ይቀርባል። ትንሹ አይበቃም፣ ትልቁ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ዓይናችን መሃሉ ላይ ያርፋል። እዚያ ደግሞ «ስቶክ»፣ «ቅርንጫፍ»፣ «ሪፖርት» ተብሎ ከጎኑ የራይት ምልክት ተደርጎበታል። ራይቱ አገልግሎቱ መኖሩን ይናገራል። እስከ ስንት እንደሚፈቀድ ግን አይናገርም።

እኔም በዚሁ ተሸውጃለሁ። «እስከ 10 ተጠቃሚ» የሚል ፓኬጅ ገዛን፣ አሥሩንም አካውንት ከፈትን። ሐምሌ ላይ ሂሳብ ሲዘጋ የውጭ ኦዲተር መጣ። ሰውዬው የሚፈልገው ሪፖርት ማየት ብቻ ነው። ሲስተሙ ግን 11ኛ ሰው ብሎ ከለከለው። ለሁለት ሳምንት ሥራ ስንል የአንዲት ካሸር አካውንት ዘግተን አስገባነው።

ኢሜይሉን ከመጻፍዎ በፊት ወረቀት ይዘው ሰው ይቁጠሩ። አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴን እንውሰድ። ሱቁ መርካቶ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ ነው። አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ሂሳብ ሠራተኞች፣ አራት ሻጮች፣ ሁለት ካሸሮች፣ ሁለት የንብረት ክፍል ሠራተኞች አሉት። ኦዲተሩ ሲጨመር 12 ይሆናሉ። ሻጮቹና ካሸሮቹ ግን በፈረቃ ስለሚሠሩ፣ ሌሎቹም ሁልጊዜ ስለማይገቡ፣ በአንድ ጊዜ ሲስተሙ ውስጥ የሚገኙት ከ7 አይበልጡም።

ነገሩ ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። የሶፍትዌሩ ሻጭ የሚቆጥረው የተከፈተ አካውንት ከሆነ፣ የ10 ሰው ፓኬጅ በሁለት ሰው ይጎድላል። የሚቆጥረው በአንድ ጊዜ የገባውን ከሆነ ደግሞ ሦስት ቦታ ይተርፋል። «ፓስወርድ ተጋርተን እንሠራለን» የሚል አይጠፋም። እንደዚያ ከሆነ ዕቃ ሲጎድል ማን እንደነካው አይታወቅም።

ስለዚህ «ስንት ሰው ይይዛል?» ብለው አይጠይቁ። መልሱ «አሥር» ነው፣ እሱን ደግሞ አስቀድመው አይተውታል። የራስዎን ሁኔታ ይንገሩና በዚያ ላይ ይጠይቁ። ለምሳሌ እንዲህ፦

ርዕስ፦ ከግዢ በፊት፤ ስለ መካከለኛው ፓኬጅ የተጠቃሚ ገደብና አገልግሎት

ጤና ይስጥልኝ፣

መርካቶ የመለዋወጫ ሱቅ፣ ቃሊቲ ደግሞ መጋዘን አለን። መካከለኛውን ፓኬጅ ለአንድ ዓመት ለመግዛት አስበናል። የምንጠቀመው 12 ሰዎች ነን፤ በአንድ ጊዜ የሚገቡት ግን ከ7 አይበልጡም።

1. «10 ተጠቃሚ» የሚባለው የተከፈተ አካውንት ነው ወይስ በአንድ ጊዜ የገባ ሰው?
2. ሪፖርት ብቻ የሚያይ ኦዲተር ይቆጠራል? ሠራተኛ ሲለቅ ቦታውን ለተተኪው መስጠት እንችላለን?
3. 11ኛ ሰው ብንጨምር ለሱ ብቻ እንከፍላለን (ስንት?) ወይስ ወደ ትልቁ ፓኬጅ መዛወር ግድ ነው?
4. ከመጋዘን ወደ ሱቅ ዕቃ ማዘዋወር በዚህ ፓኬጅ ውስጥ አለ? ወደ 3,000 ዓይነት ዕቃ አለን፤ ገደብ አለው?
5. ሪፖርቱንና የዕቃ ዝርዝሩን ወደ ኤክሴል ማውጣት ይቻላል?
6. ዋጋው 15 በመቶ ቫትን ይጨምራል?

እባክዎ በየቁጥሩ በዚሁ ኢሜይል ይመልሱልን። ከሐሙስ በፊት ቢደርሰን ደስ ይለናል።

ከሠላምታ ጋር

ስድስት ጥያቄ ይበቃል። ሃያ ከጠየቁ ሻጩ «ደውሉልን» ብሎ ይገላገላል። ቁጥር መስጠቱም ለዚሁ ነው፤ የተዘለለው ጥያቄ ወዲያው ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሦስተኛው ነው። ወጪው የተደበቀውም እዚያ ነው።

መልሱ ሲመጣ «ችግር የለውም፣ ይስተካከላል» የሚል ካለበት ገና አልተመለሰም ማለት ነው። «ይስተካከላል ሲሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው?» ብለው አንድ መስመር ይላኩ። በስልክ ከነገሩዎትም የሰሙትን ጽፈው «በትክክል ተረድቻለሁ?» ብለው ይላኩላቸው።

የሙከራ ጊዜ ከሰጡዎት አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ሙከራው በትልቁ ፓኬጅ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ነገር ሲሠራ ያያሉ፣ ከከፈሉ በኋላ ግን ግማሹ ይቆለፋል። «በመካከለኛው ይከፈትልን» ይበሉ። ከዚያ ዕቃ ከቃሊቲ ወደ መርካቶ አዘዋውረው፣ 11ኛ አካውንት ለመክፈት ሞክረው ይዩ።

በመጨረሻ ፕሮፎርማ ሲጠይቁ «መካከለኛ ፓኬጅ» ብቻ ተብሎ እንዳይመጣ ያድርጉ። የተጠቃሚው ብዛት፣ አቆጣጠሩና የተጨማሪ ሰው ዋጋ እዚያው ይጻፍበት። ዋጋ ዝርዝሩ ነገ ሊቀየር ይችላል፤ በእጅዎ የሚቀረው ፕሮፎርማው ነው።