የከዋክብትን ስም ስንፈታ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በኢዮብ መጽሐፍ ስሙን በምናውቀው የከዋክብት ስብስብ፣ በኦሪዮን ውስጥ፣ ቀላ ብላ የምትታይ ደማቅ ኮከብ አለች፤ ቤተልጂውዝ ትባላለች። ስሟ ከዐረብኛ እንደመጣ ብዙ ሰው ሰምቷል። ወደ ትርጉሙ ሲገባ ግን ስህተቱ ይጀምራል፤ የሌሎቹንም ከዋክብት ስም የሚያበላሹት እነዚሁ ስህተቶች ናቸው።

ስሙን ዛሬ በሚሰማው ድምፅ መፍታት

“ቤተ” ሲባል ጆሯችን ወዲያው “ቤት” ይላል። ዐረብኛውም “በይት” ስለሚል “የጀውዛ ቤት” የሚለው ፍቺ በብዙዎች ዘንድ ይነገራል። ስሙ ግን ከጥንት “በ” የሚባል ፊደል አልነበረውም። ዐረቦቹ “ያድ አል-ጀውዛ” ይሏት ነበር፤ ያድ እጅ ነው፣ የግዕዙ “እድ” የሥጋ ዘመድ። ጀውዛ ደግሞ በዚያ የሰማይ ክፍል ያዩዋት የነበረች የሴት ምስል ናት።

ታዲያ “በ” ከየት መጣ? በዐረብኛ ጽሕፈት በቃል መጀመሪያ ላይ “ያ” እና “ባ” አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው፤ የሚለያቸው ከሥር የሚደረገው ነጥብ ብቻ ነው። ለ“ያ” ሁለት፣ ለ“ባ” አንድ። በመካከለኛው ዘመን ስሙ ወደ ላቲን ሲሻገር ሁለቱ ነጥቦች እንደ አንድ ተነበቡና “ያድ” “ባድ” ሆነ፤ ላቲኖቹም “ቤዳልጌውዜ” ብለው ጻፉት። እጅ የሚለው ትርጉም በአንዲት ነጥብ ጠፋ።

የሊቃውንትን እርማት ሳይመረምሩ መቀበል

በኋላ የመጡ አውሮፓውያን ሊቃውንት “ባድ” ትርጉም እንደማይሰጥ ሲያዩ ሊያቃኑት ሞከሩ። ብብት የሚል ትርጉም ያለውን “ኢብጥ” የተባለ የዐረብኛ ቃል አሰቡና ኮከቧን “የጀውዛ ብብት” አሏት። አሳማኝ ይመስላል፤ በግሪኩ ሥዕል ኮከቧ የምታርፈው ኦሪዮን ትከሻ ላይ ነውና ብብት ሩቅ አይደለም። ዛሬም ይህ ፍቺ በየመጽሐፉ ይገኛል። ነገር ግን የዐረብ የከዋክብት ሊቃውንት የጻፉት “ያድ” ነው። በ964 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ስለ ቋሚ ከዋክብት የጻፈው አል-ሱፊ ጋ የምናገኘው ይኸው ስም ነው። ፍቺ ከቦታው ጋር መግጠሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የቀደመው ጽሑፍ ምን እንደሚል መታየት አለበት።

ጀውዛን ከገውዝ ጋር ማምታታት

ይህ በተለይ ለእኛ ቅርብ የሆነ ስህተት ነው። በዐውደ ነገሥት የሚቆጠሩት ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያሉ የሚሄዱት ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ ገውዝም ያው ጀውዛ ነው። ዐረቦቹ የግሪኮቹን አሥራ ሁለት ክፍሎች ሲቀበሉ ይህንኑ የሴቲቱን ስም ከኦሪዮን አጠገብ ላሉት መንትዮች ሰጡት። ስለዚህ ቤተልጂውዝን ገውዝ ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኛትም፤ የስሟ ጀውዛ የድሮዋ ናት። ሑትም እንዲሁ ያሳስታል። ፎማልሃውት የተባለችው ኮከብ ስሟ “ፈም አል-ሑት”፣ የዓሣው አፍ ማለት ነው፤ ዓሣው ግን የዐውደ ነገሥቱ ሑት ሳይሆን ከእሱ በስተደቡብ ያለው ሌላ ዓሣ ነው።

የዐረብኛ ስም ሁሉ የዐረቦች ሐሳብ ነው ማለት

የእስክንድርያው በጥሊሞስ በ150 እ.ኤ.አ. ገደማ ከዋክብትን ሲዘረዝር ለብዙዎቹ የሰጠው ስም ሳይሆን ቦታ ነበር፦ የወፉ ጅራት፣ የዓሣው አፍ። ዐረቦቹ ይህን ወደ ቋንቋቸው መለሱት፤ በ1175 ደግሞ የክሬሞናው ጌራርድ ቶሌዶ ላይ ከዐረብኛው ወደ ላቲን አዞረው። በወፉ ጅራት ላይ ያለችው ኮከብ ደነብ የዚህ መንገድ ልጅ ናት። ቃሉ “ዘነብ” ነው፤ በግዕዝም ዘነብ ጅራት ነው። አለባበሷ ዐረብኛ፣ ሐሳቧ ግሪክ።

ቬጋ ግን የዐረቦቹ የራሳቸው ናት። “አን-ነስር አል-ዋቂዕ” ይሏት ነበር፣ ክንፉን አጥፎ የሚወርደው ንስር፤ ሌላዋን ኮከብ አልታይርን ደግሞ የሚበረው ንስር። በላቲን አፍ “ዋቂዕ” “ቬጋ” ሆነ፤ ንስሩ ራሱ ወድቆ ቀረና መውረዱ ብቻ ተረፈ። ስለዚህ “ቬጋ ማለት ንስር ነው” የሚለውም ልክ አይደለም። ለመለየት አንድ ጥሩ ምልክት አለ፦ ስሙ የግሪክ ሥዕል አካልን የሚጠቁም ከሆነ ብዙውን ጊዜ ትርጉም ነው። ቤተልጂውዝም የምትለየው በዚህ ነው፤ በጥሊሞስ ትከሻ ያለውን ዐረቦቹ እጅ ብለዋል።

የግሪኩን ስም ለዐረብ መስጠት

በዐቅራብ ልብ ላይ ያለችው ቀይ ኮከብ አንታሬስ ትባላለች። አንዳንዶች ስሟን ከዐንተራ ጋር ያያይዙታል፤ እናቱ ሐበሻ እንደነበረች ከሚነገርለት ከጀግናው የዐረብ ባለቅኔ። ለእኛ ደስ የሚል ወሬ ነው፣ እውነት ቢሆን እኔም በወደድኩ። ስሙ ግን ግሪክ ነው፦ “አንቲ” እና “አሬስ”፣ የማርስ ተፎካካሪ፤ ቀለሟ እንደ ማርስ ቀይ ስለሆነ። በጥሊሞስ በዚህ ስም ጽፏታል፤ ዐንተራ የኖረው ከእሱ 400 ዓመት ያህል ዘግይቶ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው።