የዜድ ሠንጠረዡ ፎቶ ሁለት ቀን ያስፈጀኝ ምክንያት

ጓደኛዬ የመማሪያ መጽሐፉን ሠንጠረዥ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ጥያቄው ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ ነው። ጉዞው በአማካይ 25 ደቂቃ ይፈጃል፣ መደበኛ ልዩነቱ 4.8 ነው፣ ሥርጭቱም ኖርማል ነው። ከ32 ደቂቃ በላይ የመፍጀቱ ዕድል ስንት ነው?

32 ከአማካዩ በ7 ይበልጣል፤ ስለዚህ ዜድ 7 ሲካፈል ለ4.8፣ ማለትም 1.46 ገደማ ነው። በ1.4 ረድፍና በ.06 አምድ 0.4279 አገኘሁ። እንደለመድኩት ከ1 ቀነስኩና 0.5721 መጣ። የመጽሐፉ መልስ ግን 0.0721 ነው።

መጀመሪያ ረድፍ የሳትኩ መስሎኝ ፎቶውን አጉልቼ በማስመሪያ ተከተልኩት። ቁጥሩ ያው ነው። ዜድን ደግሜ አሰላሁ፤ እሱም ልክ ነው። ግን አማካዩን ያለፈ ነገር ዕድሉ ከግማሽ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ስህተቱ ቅነሳው ላይ መሆን አለበት አልኩ።

ያኔ የሠንጠረዡን የመጀመሪያ ቁጥር አየሁ። ዜድ 0.00 ሲሆን 0.0000 ይላል። ይህ ሠንጠረዥ በኖርማል ኩርባው ሥር ከመሃል እስከ ዜድ ያለውን ስፋት ብቻ ነው የሚሰጠው። የቀኝ ግማሹ ሙሉ ስፋት 0.5 ስለሆነ፣ ከዜድ በላይ ያለው ጭራ 0.5 ሲቀነስ 0.4279፣ ማለትም 0.0721 ነው። ይህን የሚያሳየው የተቀባ ሥዕል ከገጹ አናት ላይ ነበር፤ ፎቶው ቆርጦታል።

የእናንተ ፎቶ በ0.00 ላይ 0.5000 ካለና ቁጥሮቹ ወደ ታች እየጨመሩ ከሄዱ፣ ስፋቱ ከግራ ጫፍ የተቆጠረ ነው። እዚያ 1.46 ላይ 0.9279 ታገኛላችሁ፤ የምትቀንሱትም ከ1 ነው። እዚያው 0.5000 ካለና ቁጥሮቹ ወደ ታች እያነሱ ከሄዱ ግን ጭራው ራሱ ነው፣ ምንም አትቀንሱ።