ስሌቱ 37 ደቂቃ ያለው ዳገት ለምን 48 ደቂቃ ፈጀ?

ዋት በኪሎህን ታውቃለህ። የዳገቱን ርዝመትና ተዳፋትም ታውቃለህ። አስልተህ በብስክሌት ትወጣለህ፤ ጫፍ ስትደርስ ግን ካሰብከው አስር ደቂቃ ዘግይተሃል።

መጀመሪያ የጉዞህን መዝገብ ክፈትና ዳገቱ ላይ ያወጣኸውን አማካይ ዋት እይ። ካቀድከው ጋር ከተቀራረበ ጥፋቱ የስሌቱ ነው፤ እግርህን አትውቀስ። ዋቱ ወርዶ ከሆነ ደግሞ ስሌቱን ተወውና ወደ መጨረሻው ክፍል እለፍ።

ዋቱ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ግን ረዘመ

ክብደትህ 70 ኪሎ ነው፣ የምታወጣው 245 ዋት ነው እንበል። ይህ 3.5 ዋት በኪሎ ይሆናል። ዳገቱ 10 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተዳፋቱ 8 በመቶ ነው፤ ስለዚህ 800 ሜትር ወደ ላይ ትወጣለህ። ብዙ ሰው 3.5ን ለ9.81 (ለመሬት ስበት) ያካፍልና በሰከንድ 0.357 ሜትር ወደ ላይ እወጣለሁ ይላል። ያ በሰዓት 1284 ሜትር ገደማ ነው፤ 800 ሜትሩ በ37 ደቂቃ ያልቃል ማለት ነው። አያልቅም።

ትልቁ ስህተት ክብደቱ ላይ ነው። ዳገቱን የምትወጣው አንተ ብቻ አይደለህም። ብስክሌቱ፣ ውሃው፣ ጫማው፣ ሄልሜቱ ሁሉ አብሮህ ይወጣል። እነዚህ 10 ኪሎ ቢሆኑ ጠቅላላው 80 ኪሎ ነው፤ ዋት በኪሎህም ወደ 3.06 ይወርዳል። በዚህ ብቻ ሰዓቱ ወደ 43 ደቂቃ ይጠጋል። ከዚያ ሰንሰለቱና ጥርሶቹ 3 በመቶ ያህል ዋት ይበላሉ። ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲንከባለል ሌላ ይወስዳል። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እየሄድክ እንኳ አየሩ ትንሽ ይገፋሃል። ሁሉም ሲደመር 48 ደቂቃ ከግማሽ ገደማ ይሆናል።

ይህን ሁሉ በየጊዜው ማስላት አያስፈልግም። ይህ በቂ ነው፦

```
በሰዓት የሚወጣ ሜትር = (ዋት ÷ ጠቅላላ ኪሎ) ÷ 9.81 × 3600 × 0.88
ደቂቃ = የዳገቱ ከፍታ ÷ በሰዓት የሚወጣ ሜትር × 60
```

በምሳሌያችን 989 ሜትር በሰዓት ይሰጣል። 800 ሜትሩ 48.5 ደቂቃ ይፈጃል። በነገራችን ላይ፣ እዚህ ዳገት ላይ አንድ ኪሎ መቀነስ የሚያተርፍህ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው። በውድ ዋጋ ቀላል ጎማ ከመግዛትህ በፊት አስብበት።

ቀጥ ባለው ዳገት ላይ ይሠራል፣ ለስላሳው ላይ ይስታል

ምክንያቱ ያቺ 0.88 ናት። የምታገለግለው ለ8 በመቶ አካባቢ ነው። ዳገቱ ሲለሰልስ ፍጥነትህ ይጨምራል፤ አየሩም ከዋትህ የሚወስደው ድርሻ አብሮ ያድጋል። ለ6 በመቶ 0.83፣ ለ4 በመቶ ደግሞ 0.72 አድርገው። ያው ብስክሌተኛ 10 ኪሎ ሜትር በ4 በመቶ ሲወጣ በ0.88 ቢሰላ 24 ደቂቃ ይመጣል፤ ትክክለኛው ግን 30 ደቂቃ ገደማ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ነፋስ ለሌለበት ቀንና ብቻውን ለሚነዳ ሰው ናቸው። ከ4 በመቶ በታች ከሆነ የፊት ነፋስ ስሌቱን ሙሉ በሙሉ ሊያበላሸው ይችላል፤ እኔ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ሰዓት መገመት ትቻለሁ።

አማካይ ተዳፋቱ ደህና ይመስላል፣ ሰዓቱ ግን አልገጠመም

የዳገቱን ቅርጽ ተመልከት። 10 ኪሎ ሜትር በአማካይ 6 በመቶ የተባለው ዳገት መሃሉ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ሊኖረው ይችላል። እዚያ 100 ሜትር ከወረድክ፣ የምትወጣው 600 ሳይሆን 700 ሜትር ነው፤ እሱም በቀረው 8 ኪሎ ሜትር ላይ ተጨምቆ። በአማካዩ ካሰላኸው 38 ደቂቃ ከግማሽ ይላል፤ ቁልቁለቱን ለይተህ ካሰላኸው ወደ 45 ይጠጋል። መፍትሄው ዳገቱን ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻ ማስላት ነው። ቁልቁለት ከሌለውና ለስላሳና ቀጥ ያለ እየተፈራረቀ ከሆነ ግን ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ አትድከም።

ዋቱ መሃል መንገድ ላይ ወረደ

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት እንደታቀደው ሄዶ ከዚያ ቁጥሩ እየሳሳ ከመጣ፣ የተነሳህበት ዋት ለዚህ ርዝመት የማይሆን ነበር። ብዙ ጊዜ ከ20 ደቂቃ ሙከራ የተገኘ ቁጥር ነው። አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ዳገት ከዚያ ቁጥር 95 በመቶውን ውሰድ፤ 245 ወደ 233 ይወርዳል ማለት ነው። ሙከራውን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ሠርተህ ዳገቱ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነ ከዚህም ትቀንሳለህ፤ ኦክስጅኑ ሳስቷል።

አንድ ጉዳይ ይቀራል። ዋቱ አልወረደም፣ ክብደቱም ተዳፋቱም በትክክል ገብቷል፣ ሰዓቱ ግን አሁንም ረጅም ነው። ያኔ ፓወር ሜትሩን ጠርጥረው። ከመነሳትህ በፊት ዜሮ አድርገውና ነፋስ በሌለበት ቀን ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ድገመው። 8 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ሰዓቱን የሚወስኑት ክብደትና ከፍታ ናቸው ማለት ይቻላል። ሰዓቱ አሁንም በ5 በመቶ ከረዘመ፣ ፓወር ሜትሩ ያንኑ ያህል አብዝቶ እያነበበ ነው።