ሰዓታችሁ የሚነግራችሁ ካሎሪ

ሰዓታችሁ «500 ካሎሪ አቃጥለሃል» ሲል ቶሎ አትመኑት። የልብ ምትን ደህና ይለካል፤ ካሎሪን ግን ይገምታል። በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 7 መሣሪያዎችን ሲፈትሹ፣ በካሎሪ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል። የምትበሉትን የምትመዘግቡበት የምግብ አፕም ያው ነው። ሳትመዘገብ የቀረች አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻዋን 120 ካሎሪ ገደማ ናት።

ስለዚህ ዳኛው ሚዛን ይሁን። ሰዓቱ በቀን 2600 ታቃጥላላችሁ፣ አፑ ደግሞ 2100 ትበላላችሁ አለ እንበል። እውነት ከሆነ በ2 ሳምንት ወደ 1 ኪሎ ትቀንሳላችሁ። ጠዋት ጠዋት ተመዘኑና የመጀመሪያውን ሳምንት አማካይ ከሦስተኛው ጋር አወዳድሩ። ንቅንቅ ካላለ፣ ያቺ የ500 ልዩነት ስክሪን ላይ ብቻ ናት። ያኔ ሰዓቱን ተዉት፤ አመዘጋገባችሁን ሳትቀይሩ የአፑን 2100 ወደ 1900 አውርዱና እንደገና 2 ሳምንት ጠብቁ።