ቲነር ለሚነካ እጅ የትኛው ጓንት?

ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ለጋራዥ የሚሆን ጓንት ስትገዙ፣ «ወፍራሙን ስጠኝ» ከማለታችሁ በፊት እጃችሁ የሚነካውን ፈሳሽ አስቡ። አንዳንድ ፈሳሽ ቀዳዳ አይፈልግም፤ ጓንቱ ደህና መስሎ ሳለ በላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ቆዳ ላይ ይደርሳል።

ላቴክስ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ለዕቃ ማጠቢያ የምናውቀው የተፈጥሮ ጎማ፣ የባትሪ አሲድ ፍንጣቂን ይችላል። ቤንዚንና የሞተር ዘይት ሲነካው ግን ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል። ለእነዚህ የሚሻለው ናይትሪል የተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ናይትሪል ቤንዚንን ስለቻለ ቲነርንም የሚችል ይመስለዋል። አሴቶን የተባለው ማሟሚያ ፈሳሽ ያለበት ቲነር ናይትሪልን ቶሎ ያልፈዋል፤ ስሱ፣ አንድ ጊዜ ተለብሶ የሚጣለው ዓይነት ከሆነማ ደቂቃዎችም ላይቆይ ይችላል። ለአሴቶን የሚሆነው ቡቲል የተባለው ጎማ ነው፤ ዋጋው ግን ይቆነጥጣል። ስሱን ናይትሪል ብቻ የያዘ ሰው ቲነር እንደፈሰሰበት ወዲያው አውልቆ ይጣለው፣ እጁንም ይታጠብ። ጓንቱ ከተኮማተረ፣ ከለሰለሰ ወይም ከውስጥ እጅን ቀዝቀዝ ካደረገው አልቆለታል፤ ማድረቅ አያድነውም።

የቆዳ ጓንት ለብየዳ ፍንጣሪ ጥሩ ነው፤ ፈሳሽ ግን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ቲነር ወይም ቤንዚን የጠጣ የቆዳ ጓንት ይዞ ብየዳ መጀመር ደግሞ እጅን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው።