አማካሪዬ ኢሜይሌን የመለሱልኝ እንዴት ነው

ሦስት ሳምንት ሙሉ አማካሪዬ መልስ አልሰጡኝም። «ዶክተር፣ ሲመችዎት ስለ ቴሲሴ ላማክርዎት» ብዬ 60 ገጽ አያይዤ ነበር የላክሁት፤ ለካ ምን እንደፈለግሁ ለማወቅ ሁሉንም ማንበብ ነበረባቸው።

ሰኞ ዕለት እንደገና ጻፍኩ። ርዕሱን «ምዕራፍ 3፣ የናሙና መጠን፣ የ20 ደቂቃ ምክክር» አልኩት። ውስጡ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «በያማኔ ቀመር ከ1,200 አርሶ አደሮች፣ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ፣ 300 ወጣልኝ። መጠይቁን ለማይመልሱት 10 በመቶ ጨምሬ 330 ላድርገው?»

የአንድ ገጽ ማስታወሻም አያያዝኩ፤ ካለፈው ምክክር ወዲህ የሠራሁትን፣ እሳቸው ባሉኝ መሠረት ያስተካከልኩትን ከነገጽ ቁጥሩ፣ የተቸገርኩበትንም። ለቀጠሮው «ሐሙስ ወይም ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብዬ ለይቼ ጻፍኩ፤ የሰዓቱን ጉዳይ አደራ እንዳትዘሉት።

በማግስቱ መለሱ፦ «330 ይሁን። ሐሙስ ና፣ መጠይቁንም ይዘህ።»