እርሳስ ወይስ ኮንክሪት? የጋማ መከላከያ ስታሰሉ የሚያስቱ ነገሮች

የጋማ ጨረር መከላከያ ስሌት በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ነው። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ቀመሩ የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጠውም ዝም ብሎ መልስ ያወጣል፤ ያወጣው መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ይመስላል።

```
I = I0 · e^(-μx)
HVL = 0.693 / μ
n = ln(I0 / I) / 0.693
```

I0 መከላከያ ሳይኖር ያለው ጨረር፣ I ከመከላከያው ጀርባ የሚቀረው፣ x ደግሞ የመከላከያው ውፍረት ነው። μ የማዳከም ኮኤፊሸንት ነው። HVL፣ እኛ እዚህ ግማሽ ውፍረት የምንለው፣ ጨረሩን በግማሽ የሚቀንሰው የመከላከያው ውፍረት ነው። n ደግሞ ስንት ግማሽ ውፍረት መደርደር እንዳለብን ይነግረናል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። 37 ጊጋቤክሬል የሆነ የኮባልት-60 ምንጭ አለን እንበል። 1 ሜትር ላይ በሰዓት ወደ 13 ሚሊሲቨርት ይሰጣል። ሰው የሚቆመው ከምንጩ 2 ሜትር ላይ ከሆነ ርቀቱ ራሱ ሩብ ያደርገዋል፤ 3,250 ማይክሮሲቨርት በሰዓት ማለት ነው። ግድግዳው ይህን ወደ 10 ማይክሮሲቨርት እንዲያወርድልን እንፈልጋለን። ስለዚህ 325 ጊዜ መቀነስ አለበት። ቀመሩ ላይ ስናስገባው n 8.34 ይመጣል።

ይህን 8.34 ያዙት፤ ከዚህ በኋላ የምንነጋገረው ሁሉ እሱን ወደ ሴንቲሜትር ስንቀይር የሚፈጠረውን ጣጣ ነው።

ካልኩሌተሩ ላይ የተሳሳተውን ቁልፍ መጫን

የሚያሳፍር ይመስላል፤ ግን ያጋጥማል። ln እና log ጎን ለጎን ናቸው። የ325 ln 5.78 ነው፣ log ደግሞ 2.51። 2.51ን ለ0.693 ካካፈላችሁ 8.34 መሆን የነበረበት ወደ 3.6 ይወርዳል። እሱን አምናችሁ ከሠራችሁ ከግድግዳው ጀርባ 10 ሳይሆን 260 ማይክሮሲቨርት አካባቢ ይጠብቃችኋል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ 2ን በራሱ እያባዛችሁ ቁጠሩ። 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128፣ 256፣ 512። 325 ያለው በስምንተኛውና በዘጠነኛው መካከል ነው። መልሳችሁ እዚያ ካልወደቀ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። አለቀ።

ሠንጠረዡ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ

የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ በነፃ የሚያቀርበውን ሠንጠረዥ ብታዩ ለ1.25 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የኮባልት-60 ሁለት ጋማዎች አማካይ ነው) እርሳስ 0.0588፣ ኮንክሪት 0.0581 ይላል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ግራ ይገባዋል፤ እርሳስና ኮንክሪት እኩል ናቸው እንዴ? ከዚያ 0.693ን ለ0.0588 ያካፍልና የእርሳስ ግማሽ ውፍረት 11.8 ሴንቲሜትር ነው ብሎ ያርፋል።

አሃዱን ልብ በሉ። ሠንጠረዡ የሚሰጠው በክብደት የተሰላውን ኮኤፊሸንት ነው፤ አሃዱ ሴንቲሜትር ካሬ በግራም። ቀመሩ የሚፈልገው ደግሞ በሴንቲሜትር የተሰላውን ነው። ስለዚህ በጥግግት ማባዛት ግድ ነው፦

```
እርሳስ:   0.0588 × 11.35 = 0.667  →  HVL = 1.04 cm
ኮንክሪት:  0.0581 × 2.35  = 0.137  →  HVL = 5.08 cm
```

አሁን ልዩነቱ ወጣ። ግን ከማባዛቱ በፊት ያየናቸውን ሁለት ቁጥሮች አትርሷቸው። እኩል መሆናቸው ስህተት አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የአንዱን ኢነርጂ ቁጥር ለሌላው መጠቀም

እርሳስ በራጅ ክፍል ስሙ የገነነ ነው። 100 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ግማሽ ውፍረቱ 0.11 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከወፍራም ወረቀት አይበልጥም። ለዚህ ነው ራጅ ክፍል የሚለበሰው ግማሽ ሚሊሜትር እርሳስ ያለው ሽርጥ በዚያ ኢነርጂ ከሚመጣው ጨረር ከ5 በመቶ በታች ብቻ የሚያሳልፈው። ያንኑ ሽርጥ ለብሳችሁ ኮባልት-60 ፊት ብትቆሙ የሚያስቀርላችሁ 3 በመቶ ገደማ ነው። 97 በመቶው ያልፋል። ሽርጡን መልበስ ከባድ፣ መተማመኛ ማድረግ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው ተጠብቄያለሁ ብሎ ከምንጩ አጠገብ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በዝቅተኛ ኢነርጂ ጨረሩን በአብዛኛው የሚውጠው የፎቶኤሌክትሪክ ክስተት ሲሆን፣ እሱ እንደ እርሳስ ባሉ ትልቅ የአቶም ቁጥር ባላቸው ነገሮች ውስጥ በጣም ይበረታል። 1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሲደርስ ግን ዋናው ሥራ የኮምፕተን ብተና ይሆናል። ኮምፕተን ደግሞ የሚያየው የኤሌክትሮን ብዛትን ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን ብዛት ከእርሳስ ወደ ኮንክሪት ብዙም አይለያይም። 0.0588 እና 0.0581 የተጠጋጉት በዚህ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው "የእርሳስ ግማሽ ውፍረት ስንት ነው?" ብሎ ሲጠይቃችሁ የመጀመሪያው መልስ "ለየትኛው ምንጭ?" መሆን አለበት።

ትልቁ ስህተት፦ ተበትኖ የሚመጣውን መርሳት

እስካሁን ባለው መንገድ ብንጨርስ 8.34 ግማሽ ውፍረት ማለት 8.7 ሴንቲሜትር እርሳስ ወይም 42 ሴንቲሜትር ኮንክሪት ይሆናል። ሒሳቡ በትክክል ተሠርቷል። ግድግዳው ግን ቀጭን ነው።

ከኒስት የወሰድነው ኮኤፊሸንት ጠባብ ጨረርን ታሳቢ ያደርጋል። ማለትም አንድ ፎቶን መከላከያው ውስጥ አንድ ጊዜ ከተጋጨ ከጨዋታው ወጥቷል ብሎ ይቆጥራል። ላቦራቶሪ ውስጥ ቀጭን ቀዳዳ ባለው እርሳስ ጨረሩን አጥብበው ሲለኩ እውነት ነው። ግድግዳ ላይ ግን አይሠራም። ተጋጭቶ አቅጣጫውን የቀየረ ፎቶን ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ቀንሶ፣ ግን ሞቶ ሳይሆን በሌላ በኩል ይወጣል። ከግድግዳው ማዶ የቆመው ሰው ከፊት ለፊቱ ብቻ ሳይሆን ከመላው ግድግዳ ይደርሰዋል። ይህን ጭማሪ የሚወክለው ቢልድአፕ ፋክተር የሚባለው ነው።

ለዚህ ነው ለግድግዳ ሥራ የሰፊ ጨረር ቁጥር የሚወሰደው። የአሜሪካ የጨረር መከላከያና ልኬት ምክር ቤት በሪፖርት ቁጥር 49 ለኮባልት-60 የሰጠው ግማሽ ውፍረት 1.2 ሴንቲሜትር እርሳስ፣ 6.2 ሴንቲሜትር ኮንክሪት ነው። እንደገና እናስላው፦

```
እርሳስ:   8.34 × 1.2 = 10.0 cm
ኮንክሪት:  8.34 × 6.2 = 51.7 cm
```

የኮንክሪቱ ልዩነት ወደ 10 ሴንቲሜትር ሆነ። በጠባብ ጨረር ቁጥር 42 ሴንቲሜትር ላይ ያቆመ ሰው በሰፊው ቁጥር ሲታይ ከግድግዳው ጀርባ የሚያገኘው 10 ሳይሆን 28 ማይክሮሲቨርት በሰዓት ነው። የእርሳሱም ከ20 በላይ ይሆናል። የሚያናድደው ነገር ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አደገኛው አቅጣጫ መሆኑ ነው፤ አንድም ቀን ግድግዳውን አወፍሮላችሁ አያውቅም። እነዚህ የሰፊ ጨረር ቁጥሮችም ቢሆኑ የተጠጋጉ ስለሆኑ፣ ዲዛይን የሚሠሩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ግማሽ ውፍረት ጣል ሲያደርጉ ብታዩ አትገረሙ።

በነገራችን ላይ 10 ማይክሮሲቨርትን የመረጥኩት ለስሌት እንዲመች ነው። በዓመት 2,000 ሰዓት እዚያ የሚቀመጥ ሠራተኛ 20 ሚሊሲቨርት ያገኛል፤ ይህ ለጨረር ሠራተኛ የተፈቀደው ዓመታዊ ጣሪያ ራሱ ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለው የጸሐፊ ቢሮ ከሆነ 1 ሚሊሲቨርት ነው የሚፈቀደው፤ 20 ጊዜ ተጨማሪ መቀነስ ያስፈልጋል። ይህ 4.3 ግማሽ ውፍረት ነው፦ 5 ሴንቲሜትር እርሳስ ወይም 27 ሴንቲሜትር ኮንክሪት ይጨመራል። በእጥፍ አላደገም፤ 20 ጊዜ ለመቀነስ ግድግዳው በግማሽ ያህል ብቻ ነው የወፈረው።

"እርሳስ ይቀላል" ብሎ መደምደም

አሁን ወደዚያ እኩልነት እንመለስ። 10 ሴንቲሜትር እርሳስ በካሬ ሜትር 1,135 ኪሎ ይመዝናል። 51.7 ሴንቲሜትር ኮንክሪት ደግሞ 1,215 ኪሎ። ያው ናቸው ማለት ይቻላል። ፎቁ ይሸከማል ወይ የሚለው ጥያቄ ከእርሳስ ምንም መፍትሔ አያገኝም። እርሳስ በኮባልት-60 የሚቆጥብላችሁ ቦታ ነው፤ 40 ሴንቲሜትር። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ፣ በር ከሆነ፣ ወይም ምንጩን በቅርበት የሚያቅፍ ማጓጓዣ ከሆነ ትርጉም አለው። ለአዲስ ግድግዳ ግን ኮንክሪት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ እርሳስ በራሱ ክብደት ቀስ በቀስ ስለሚለምጥ ደጋፊ ይፈልጋል፣ መርዛማነቱም አለ።

ሲዚየም-137 ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለወጣል። የሰፊ ጨረር ግማሽ ውፍረቱ 0.65 እርሳስና 4.8 ኮንክሪት ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ውፍረት እርሳሱ በካሬ ሜትር 74፣ ኮንክሪቱ 113 ኪሎ ይመጣል። እዚህ እርሳስ በክብደትም ያሸንፋል። ኢነርጂው በቀነሰ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል።

ብሎኬትን ኮንክሪት ማለት

2.35 ያልነው በደንብ የተነዘረና ድፍን ኮንክሪት ነው። ባለ 20 ብሎኬት ግን መሐሉ ክፍት ነው፤ ጨረሩ በቀዳዳው በኩል ሲያልፍ የሚያገኘው ሁለት ቀጭን ግድግዳ ብቻ ነው። ከፑሚስ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ድፍን የሚመስለው ክፍል ራሱ ቀላል ነው። ድፍን ኮንክሪትም ቢሆን ጥግግቱ 2.1 ከወጣ የምሳሌያችን 51.7 ሴንቲሜትር ወደ 58 ማደግ አለበት። ስለዚህ ሲሞላ ናሙና ኩብ መዝኑ፤ ለጥንካሬ ፈተና የሚወሰደውን ያንኑ ኩብ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። 15 በ15 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ 2.35 ከሆነ 7.9 ኪሎ ይመዝናል፤ 7.1 ካሳየ 2.1 ላይ ናችሁ።

ግድግዳው ካለቀ በኋላ ደግሞ ምንጩን ከፍታችሁ በሰርቬይ ሜትር ግድግዳውን በዝግታ አስሱት። መሐሉ ላይ ብቻ ለክታችሁ አትሂዱ። ሙሌቱ በአንድ ቀን ሳያልቅ የቀጠለበት መስመር፣ የኤሌክትሪክ ቱቦ ቀጥ ብሎ ያለፈበት ቦታ፣ የእርሳስ ጡብ ከሆነ ደግሞ መጋጠሚያዎቹ ላይ ንባቡ ድንገት ዘለል የሚል ከሆነ ችግሩ የμ ሳይሆን የክፍተት ነው፤ ውፍረት በመጨመርም አይፈታም። ቱቦውን አጥፎ ማሳለፍ፣ ጡቦቹን ደግሞ መጋጠሚያቸው ፊት ለፊት እንዳይገጥም አድርጎ በሁለት ረድፍ መደርደር ነው የሚያስፈልገው። ንባቡ በመላው ግድግዳ ላይ እኩል ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ወደ ስሌቱ ተመለሱ፤ መጀመሪያ የምትፈትሹት የጠባብ ጨረር ቁጥር ተጠቅማችሁ እንደሆነ፣ ቀጥሎ የኩቡን ክብደት።